«ፐርጂንግ ነው፣ ታገሺ» የሚባለው መቼ ነው እውነት የሚሆነው?

ዛሬ ስለ አንድ ቃል አቋሜን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ቃሉ «ፐርጂንግ» ነው።

አሁን አሁን አዲስ ሴረም ወይም ክሬም ጀምራ ፊቷ የተበላሸባት ሴት ከሻጩም፣ ከጓደኛዋም፣ ከቪዲዮውም የምትሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «ውስጥ ያለው ቆሻሻ እየወጣ ነው፣ ፐርጂንግ ነው፣ ታገሺ» ትባላለች። ወንዶቹም ቢሆኑ ፂም ከተላጩ በኋላ በሚቀቡት ነገር ይሄንኑ እየተባሉ ነው። የእኔ አቋም ይኸውላችሁ፦ ፐርጂንግ የሚባል ነገር በእርግጥ አለ፤ ግን ለጥቂት ዓይነት ምርቶች፣ በፊታችን ላይ ለተወሰነ ቦታ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ የሚሠራ ቃል ነው። ከዚያ ውጪ ሲነገር ገንዘቡን እንዳትጠይቁ ደንበኛ ማቆያ ነው። የሚያሳስበኝ ደግሞ ገንዘቡ አይደለም። አለርጂ የሆነ ሰው «ታገሺ» ተብሎ አምስት ሳምንት ሲቀባ፣ እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ቁጣው ካለፈ በኋላ የሚቀረው ጥቁረት ወራት ይቆያል። ያንን ጥቁረት ለማጥፋት ደግሞ የሚገዛው ቀጣዩ ክሬም ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

ስለዚህ ሦስቱን እንለያቸው። መጀመሪያ ፐርጂንግ ራሱ።

ከቆዳ ሥር ተጠራቅሞ የሚወጣ «ቆሻሻ» የሚባል ነገር የለም፤ ይሄን እንተወው። እውነቱ እንዲህ ነው፦ ብጉር አንድ ቀን ጠዋት ድንገት አይፈጠርም። የቆዳ ቀዳዳ በሞቱ የቆዳ ሴሎችና በወዙ ቀስ ብሎ ይደፈናል። ገና በዓይን የማይታይ ድፍን ሆኖ ሳምንታት ይቆያል፤ ከተደፈነበት ጊዜ አንስቶ ብጉር ሆኖ እስኪታይ ሁለት ወር ገደማ ሊፈጅበት ይችላል። አሁን የቆዳን ሴል ቶሎ ቶሎ እንዲታደስ የሚያደርግ መድኃኒት ስትቀቡ፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት በየተራ ሊወጡ የነበሩት ድፍኖች ሰልፋቸውን ትተው አብረው ይወጣሉ። ፐርጂንግ ይሄ ነው። አዲስ ብጉር አልተፈጠረም፣ ሊመጣ የነበረው ቀኑን አሳጠረ።

ከዚህ ተነሥታችሁ ሌላውን ራሳችሁ ልትደርሱበት ትችላላችሁ። አንደኛ፣ ምርቱ የሴል መታደስን የሚያፋጥን ወይም የደፈነውን የሚፈታ መሆን አለበት፦ ሬቲኖል፣ አዳፓሊን፣ ትሬቲኖይን፣ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ግላይኮሊክ አሲድ፣ ምናልባት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ። ሞይስቸራይዘር፣ የጸሐይ መከላከያ፣ የፊት ዘይት፣ ሳሙና፣ ቶነር «ፐርጅ» አያደርጉም። የሚያደርጉበት መንገድ የላቸውም። በእነሱ ምክንያት ብጉር ከወጣ ቀዳዳውን ደፍነው ነው፣ ወይም ቆዳችሁን አስቆጥተው ነው። ሁለተኛ፣ የሚወጣው ቀድሞም ብጉር በሚወጣባችሁ ቦታ ነው። አገጭሽ ላይ ብቻ ብጉር የሚያስቸግርሽ ከሆነ፣ አንገትሽና የዓይንሽ ቆብ ላይ የወጣው ነገር ፐርጂንግ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛ፣ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ሦስት ወር የሞላው «ፐርጂንግ» ሌላ ስም ይፈለግለት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፐርጂንግ አያሳክክም። ብጉር ሲነካ ያማል፣ ግን ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ማሳከክ የብጉር ጠባይ አይደለም።

ሁለተኛው መቆጣት ነው። እዚህ ላይ በረኪናን አስቡ። በረኪና በባዶ እጁ የነካ ሰው ማንም ይሁን ማን ይቃጠላል፤ ሰውነቱ ልዩ መሆን የለበትም። የሚወስነው ምን ያህል ጠንካራ ነው፣ ምን ያህል ጊዜ ቆየ፣ ቆዳው ቀድሞ ተልጦ ወይም ደርቆ ነበር ወይ የሚለው ነው። የፊት ምርቶችም እንደዚያው ናቸው። ጠንካራ አሲድ ወይም ሬቲኖል በየቀኑ፣ ያውም በደረቀ ፊት ላይ ሲቀባ የቆዳውን የላይኛ ሽፋን ያሳሳዋል። ስሜቱ ማቃጠልና መለብለብ ነው፤ ከተቀባ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ቆዳው ይደርቃል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል። የተቀባው ቦታ ላይ ይወሰናል፣ ዳር ድንበሩ ይታወቃል። ሲያቆሙት ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻሻላል። ዋናው መለያ ግን መጠኑን መቀነስ መርዳቱ ነው። በየቀኑ ትቀቡት የነበረውን በሳምንት ሁለቴ ስታደርጉት ቆዳው ከታገሰው፣ መቆጣት ነበር ማለት ነው።

ሰዓቱን ብቻ አትመኑ ግን። የሬቲኖል ዓይነቱ መቆጣት በየቀኑ እየተጠራቀመ ሄዶ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሳምንት ላይ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ «ወዲያው አላቃጠለኝም፣ ስለዚህ መቆጣት አይደለም» አይባልም።

ሦስተኛው አለርጂ ነው፤ ሰው በጣም የሚሳሳትበትም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ዘግይቶ ይመጣል። ብዙ ሰው አለርጂ ሲባል ኦቾሎኒ በልቶ ወዲያው ፊቱ የሚያብጥ ሰው ነው የሚታየው። ክሬም የሚያመጣው የተለመደው የቆዳ አለርጂ ሌላ ዓይነት ነው። ከምርቱ ውስጥ አንዷ ትንሽ ኬሚካል ቆዳ ውስጥ ትገባለች፤ የሰውነት ጠባቂ ሴሎች ያዟትና ወደ ንፍፊት ይወስዷታል፤ እዚያ አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች «ይቺን ካገኛችሁ ተነሡ» ተብለው ይሠለጥናሉ። ሥልጠናው ቢያንስ አሥር ቀን፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ምንም አይታይም፣ ምንም አያሳክክም። ከሠለጠኑ በኋላ ግን ያቺን ኬሚካል ቆዳው ላይ ባገኙ ቁጥር ይነሣሉ። ተሰብስበው እስኪደርሱ ደግሞ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይወስድባቸዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ «ኧረ ዶክተር፣ ይሄን ቅባት አምስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ» የሚለው አነጋገር ቅባቱን ነፃ አያወጣውም። ሥልጠናው ከዓመታት በኋላ ሊጀመር ይችላል። ሁለተኛው፣ ሰኞ ማታ የቀባችሁት ነገር ረቡዕ ወይም ሐሙስ ሊያሳክክ ስለሚችል፣ ሐሙስ ጠዋት የተቀባውን ምስኪን ቫዝሊን ትከሳላችሁ።

አለርጂው ሲመጣ ዋና ምልክቱ ማሳከክ ነው። ቆዳው ይነፋል፣ ጥቃቅን ጉብታ ያወጣል፣ ሲብስ ውሀ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ ከዚያ ያዥና ይፋቃል። ከተቀባው ቦታ አልፎ ይሄዳል። የዓይን ቆብ ላይ በተለይ ይታያል፤ የሰውነታችን ስስ ቆዳ እዚያ ስለሆነ፣ ለጸጉርም ለጥፍርም የተቀባ ነገር በእጅ በኩል እዚያ ደርሶ ያሳብጠዋል። መጠን መቀነስም ብዙ አይረዳም፤ የሠለጠነ ሴል በትንሹም ይነሣል። ካቆማችሁት በኋላ እንኳ ሁለት ሦስት ቀን ሊብስ ይችላል፣ ሙሉ ለሙሉ ለመዳን ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

እዚህ ላይ ስለ ቀለም አንድ ነገር። ከውጭ የሚመጡት ቪዲዮዎች ሁሉ «ከቀላ አቁሚው» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት በግልጽ አይታይም። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ወደ ጥቁር፣ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ አመድማ ቡናማ ነው የሚሄደው፤ አንዳንዴ የቀለም ለውጡ ፈጽሞ አይታይም። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትፈልጉት። በጣት ጫፍ ዳብሱት፦ ከጎኑ ካለው ቆዳ ይልቅ ሞቆ፣ ሻክሮ ወይም ተነፍቶ እንደሆነ ጣት ከዓይን ቀድሞ ያውቃል። መስኮት አጠገብ ቆማችሁ ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍበትም እዩት፤ ጉብታ ካለ ጥላ ይሠራል።

አሁን ወደ ሙከራው እንምጣ። «አዲስ ነገር ከመቀባትሽ በፊት ጆሮሽ ጀርባ ቀብተሽ 24 ሰዓት ጠብቂ» የሚለውን ምክር ሁላችሁም ሰምታችኋል። ምንም ካለማድረግ ይሻላል፤ ግን ከላይ ያልኩትን ካስታወሳችሁ ጉድለቱ ግልጽ ነው። 24 ሰዓት የሚይዘው ኃይለኛ መቆጣትን ነው። አለርጂው ገና መንገድ ላይ ነው። እንደውም የ24 ሰዓት ሙከራ ጉዳቱ የሐሰት እርግጠኝነት መስጠቱ ነው፦ «ሞክሬው ነበር እኮ፣ ምንም አላደረገኝም» ብላችሁ በ9ኛው ቀን የመጣውን አለርጂ ፐርጂንግ ብላችሁ ትጠሩታላችሁ።

የሚሻለው አደጋገምን የሚጨምር ሙከራ ነው። የክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ፣ ከክርን እጥፋቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ወይም ትንሽ የምትበልጥ ቦታ ምረጡ። ዙሪያውን በእስክሪብቶ ነጥብ ነጥብ አድርጉበት፤ በሦስተኛው ቀን የት እንደነበር ትረሳላችሁ። ምርቱን ፊታችሁ ላይ በምትቀቡት ውፍረት፣ ጠዋትና ማታ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን እዚያችው ቦታ ላይ ቀቡ። ማታ ብቻ የሚቀባ ከሆነ ማታ ብቻ። ገላችሁን ታጠቡ፣ ግን ከቀባችሁ በኋላ ወዲያው አይሁን። ማሳከክ፣ ጉብታ ወይም እብጠት ከመጣ ያን ቀን አቁሙ፣ ታጠቡት፣ ፎቶ አንሡትና ቀኑን ጻፉ። በየቀኑ መቀባት የማይመከርን ጠንካራ አሲድ መመሪያው በሚለው ድግግሞሽ ብቻ ሞክሩት፤ አለዚያ የማንም ክንድ ይቆጣል።

ታጥቦ የሚሄድን ነገር፣ ማለትም ሳሙናን፣ ሻምፖንና የፊት መታጠቢያን፣ ቀብታችሁ እንዳትተዉት። ሳሙና ቆዳ ላይ አሥር ሰዓት ከቆየ ማንንም ያስቆጣል፤ ውጤቱም ምንም አይነግራችሁም። የጸጉር ቀለም ደግሞ ጭራሽ በዚህ መንገድ አይሞከርም። ጥቁር የጸጉር ቀለምና «ጥቁር ሂና» በሚባለው ውስጥ የሚገኘው ፒ ፒ ዲ የሚባል ኬሚካል ኃይለኛ አለርጂ ስለሚያመጣ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን የ48 ሰዓት መመሪያ ተከተሉ፤ ከዚህ በፊት የጸጉር ቀለም ወይም ጥቁር ሂና አሳክኳችሁ የሚያውቅ ከሆነ ግን ሙከራውንም ተዉት፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ነገሩን በአንድ ሰው ላይ ላሳያችሁ። ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ። የ27 ዓመት ልጅ ናት፣ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ደመወዝ በወጣ ቀን ሦስት ነገር አንድ ላይ ገዛች፦ የፊት መታጠቢያ፣ የሬቲኖል ሴረምና ሞይስቸራይዘር። ሦስቱንም በዚያው ማታ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማታዎች ሴረሙ ትንሽ ለበለባት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጠፋ። ጆሮዋ ጀርባ ያደረገችው የ24 ሰዓት ሙከራ ደህና ነበር። በ9ኛው ቀን ዓይኗ ቆብና አንገቷ ማሳከክ ጀመረ። በ10ኛው ጠዋት ቆቧ አብጦ ነቃች፣ ጉንጯ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ነገር ወጣ። ሻጯን ጠየቀች። «ሬቲኖል መጀመሪያ እንዲህ ያደርጋል፣ እስከ ስድስት ሳምንት ነው፣ እንዳታቆሚ» ተባለች። አምስት ቀን ታገሰች። እኔ ጋ ስትመጣ ሻሽ አድርጋ፣ መነጽር አድርጋ ነው።

«ብጉር ወትሮ የት ነው የሚወጣብሽ?» አልኳት።

«አገጬ ላይ፣ የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል።»

«አሁን አገጭሽ ላይ አለ?»

ነካ ነካ አደረገችው። «የለም።»

ይህች አንዲት መልስ ፐርጂንግን ሰረዘችው። የወጣው አንገትና ዓይን ቆብ ላይ ነው፣ ያሳክካል፣ ጉንጯ ላይ ያለውም ሲታይ ብጉር ሳይሆን ውሀ የቋጠረ ነጠብጣብ ነው። ሬቲኖሉ ያመጣው መቆጣት ይሆን? ሊሆን ይችል ነበር፤ ግን ሴረሙን አንገቷ ላይ ቀብታው አታውቅም። አንገቷንም ፊቷንም የነካው ሞይስቸራይዘሩ ነው። መታጠቢያውም ይነካል፣ ግን ታጥቦ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ሬቲኖልን ሲጠረጥር የኔ ጣት ወደ ሞይስቸራይዘሩ የዞረው በዚህ ነው። «ለስላሳ» ተብሎ የተጻፈበት ነገር ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

ከዚያ ከዚህ በፊት ቆዳዋን ምን አሳክኳት እንደሚያውቅ ጠየቅኳት። የእህቷን ሕፃን ስትይዝ በምትጠቀምበት እርጥብ መጥረጊያ ጣቶቿ መሀል ያሳክካት ነበር፤ «በውሀ ብዛት ነው» ብላ ትታዋለች። ይሄን ነገር ያዙልኝ።

ሁሉንም አስቆምኳት። ለፊት ለብ ያለ ውሀና ቫዝሊን ብቻ። ለእብጠቱ ለጥቂት ቀናት የሚቀባ ቀለል ያለ መድኃኒት አዘዝኩላት፤ ምን እንደሆነ እዚህ የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። ከሱቅ የሚገዙት ጠንካራ የስቴሮይድ ክሬሞች ሽፍታውን በሁለት ቀን ያጠፉና፣ የዓይን ቆብ ላይ ሲቆዩ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ዓይን ውስጥ ያለውን ግፊትም ሊጨምሩ ይችላሉ። ደግሞም ክንድ ላይ እነሱን እየቀቡ የሚደረግ ሙከራ ውሸት ይናገራል፤ የሚነሡትን ሴሎች ስለሚያስተኛቸው አለርጂ ያለበት ሰው «ነፃ ነኝ» ይላል።

እብጠቱ በአራት ቀን ቀነሰ፣ ቆዳዋ ለመዳን ሦስት ሳምንት ገደማ ወሰደ። ከዳነች በኋላ ሁለት ሳምንት ጨምረን ጠበቅን፤ የተቆጣ ቆዳ ባለበት ሰዓት ምንም ነገር አይሞከርም፣ ሁሉም ነገር ያቃጥላል። ከዚያ በቀኝ ክንዷ ሞይስቸራይዘሩን ጠዋትና ማታ፣ በግራ ክንዷ ሴረሙን ማታ ማታ ጀመረች።

ሴረሙ በ3ኛው ቀን ትንሽ ድርቀትና ፍቅፋቂ አመጣ። አላሳከከም፣ ከተቀባው አላለፈም፣ በማግስቱ ሲዘለል ተሻለ። ይሄ ቀላል መቆጣት ነው፤ ሬቲኖል ላይ የሚጠበቅ ነው። ሞይስቸራይዘሩ እስከ 3ኛው ቀን ዝም አለ። በ4ኛው ቀን ማታ አሳከከ። በ5ኛው ጠዋት በእስክሪብቶ ከሠራችው ክብ ውጪ ድረስ ጉብታ ወጣ። እዚያ ላይ አቆምን። በ24 ሰዓት፣ በ48 ሰዓትም ጭምር ብንፈርድ ኖሮ ይሄ ክሬም ነፃ ወጥቶ ነበር።

ማሸጊያውን አብረን አነበብን። ከታች ከሚጻፉት ውስጥ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባል አለ። ክሬሙ ውሀ ስላለበት እንዳይሻግት የሚጨመር ኬሚካል ነው። ስሙ አስቸጋሪ ነው፣ ግን ማወቁ ይጠቅማል፦ አለርጂ በብዛት ስለሚያመጣ የአሜሪካ የቆዳ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 «የዓመቱ አለርጂ አምጪ» ብሎ ሰይሞታል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ቆዳ ላይ ተቀብተው በሚቀሩ ምርቶች ውስጥ ከ2017 ጀምሮ ከልክሎታል፣ ታጥበው በሚሄዱት ውስጥ በትንሽ መጠን ፈቅዶታል። የእህቷን እርጥብ መጥረጊያ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። እዚያም አለ። ምናልባት ነጭ የደም ሴሎቿ የሠለጠኑት እዚያ ነው፤ ክሬሙ ላይ የታየው ፈተናው ብቻ ነው።

«ምናልባት» ያልኩት አስቤበት ነው። የቤት ሙከራ የትኛው ምርት እንደሆነ ይነግራችኋል፤ በውስጡ ካሉት ሠላሳ ነገሮች የትኛው እንደሆነ አይነግራችሁም። ይሄን የሚያውቀው የቆዳ ሐኪም የሚያደርገው ምርመራ ነው፦ አለርጂ አምጪ ኬሚካሎች እያንዳንዳቸው በተመጠነ መጠን ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሣሉ፣ ያኔና እንደገና ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይነበባሉ። አስተውሉ፤ እነሱም በ24 ሰዓት አይፈርዱም።

የልጅቷ ታሪክ እዚህ አላበቃም፤ የምወደው ክፍልም ገና ነው። ሞይስቸራይዘሩን ጥላ ያ ኬሚካልም ሽቶም የሌለበት ሌላ፣ ያንንም መጀመሪያ ክንዷ ላይ ሞክራ፣ ጀመረች። ሴረሙን በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ፣ ከሞይስቸራይዘር በኋላ ተመለሰችበት። መታጠቢያውን መጨረሻ ላይ ጨመረችው፤ ማሸጊያው ላይ ያ ስም አልነበረበትም፣ ምንም አላደረጋትም። በሦስተኛው ሳምንት ደንግጣ ደወለች፦ «ዶክተር፣ ተመለሰብኝ!» ያሳክካል ወይ? አያሳክክም። የት ነው? አገጭ ላይ። ምን ይመስላል? ነጭ ጫፍ ያላቸው ትንንሽ ብጉሮች፣ ስድስት ሰባት። ዓይንሽስ? ደህና ነው።

እኔም «ይሄስ ፐርጂንግ ነው፣ ታገሺ» አልኳት። ሳቀች። ሰባተኛው ሳምንት ላይ ጠፋ። በአንዲት ፊት ላይ ሦስቱም ተራ በተራ መጡ፤ ሦስቱም «ፐርጂንግ» ሊባሉ ይችሉ ነበር፣ ትክክሉ ግን የመጨረሻው ብቻ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለራሳችሁ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ፣ ሦስት ነገር በአንድ ማታ መጀመሯ ሥራውን ሁሉ ያወሳሰበው እሱ መሆኑን ውሰዱ። አንዱን ጀምራችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሁለተኛውን አትክፈቱ። የጀመራችሁበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት። ሐኪም ጋ ስትመጡ «ከትንሽ ጊዜ በፊት» ከምትሉኝ «ጥቅምት 3» ብትሉኝ ግማሹ ምርመራ አለቀ።

የክንድ ሙከራው የማይመልሰውም ነገር አለ። ብጉር ያመጣል ወይ ለሚለው ምንም አይነግራችሁም፤ ክንድ ላይ እንደ ፊት ያለ ወዛም ቀዳዳ የለም፣ መደፈንም ሳምንታት ይፈጃል። ቅቤ ጸጉራቸውን ተቀብተው ግንባራቸው ላይ ጥቃቅን ብጉር የሚያወጡ ሰዎች ክንዳቸው ላይ ቢሞክሩት ንጹሕ ነው የሚሆነው። ክንድ ከፊት ይልቅ ወፍራም ስለሆነ ቀላል መቆጣትንም ሊደብቅ ይችላል። ለዚህ ነው ክንዱ ካለፈ በኋላ ሦስት አራት ማታ ከጆሮ ሥር መንጋጋ ላይ ትንሽ ቦታ ቀብታችሁ እዩ የምለው፤ ከዚያ ወደ ሙሉ ፊት። ደግሞም ሰውነታችሁ ያን ኬሚካል ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ከሆነ፣ ሥልጠናው ራሱ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ የ10 ቀን ሙከራ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት የሚያሳክክ ነገር ሲመጣ «ክንዴ ላይ አልፎ ነበር» አትበሉ።

ከላይ ካልኩት ሁሉ ውጪ የሆነ አንድ ሁኔታ አለ። ከቀባችሁ በደቂቃዎች፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰውነታችሁ ላይ እዚህም እዚያም ተነሣ ተነሣ የሚል እብጠት ከወጣ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ይሄ ሌላ ዓይነት አለርጂ ነው። መሞከርና መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው።

ልጅቷ ባለፈው ለክትትል መጥታ ነበር። ፊቷ ንጹሕ ነው፣ ጉንጯ ላይ ትንሽ ጥቁረት ቀርቷል፣ እየደበዘዘ ነው። ያ ረጅም ስም ስልኳ ላይ ተጽፏል፤ ሻምፖም፣ ፈሳሽ ሳሙናም፣ የእቃ ማጠቢያም ስትገዛ ታመሳክረዋለች፤ ይሄን አለርጂ አንዴ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ነው የሚኖረው። ልትወጣ ስትል «አከራዬ ቤቱን ቀለም ሊያስቀባ ነው» አለችኝ። በውሀ የሚበጠበጥ የግድግዳ ቀለም ውስጥም ይሄው ኬሚካል አለ፤ አዲስ በተቀባ ክፍል ውስጥ በአየር ብቻ ዓይን የሚያሳብጥበት ጊዜ አለ። ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ወጥታ ለጥቂት ሳምንታት እህቷ ቤት እንድታርፍ፣ መስኮቱም ተከፍቶ እንዲሰነብት ተስማማን። መጥረጊያውን ግን የእህቷም ቤት እንዲቀይሩት ነግሬያታለሁ።